ከፍላችሁ እያለ የቆረጣ ማስጠንቀቂያ ሲለጠፍባችሁ

በ2017 ዓ.ም ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ጣና ዳር አሳ ትሸጣለች። በአንድ እጇ የታጠፈ ወረቀት፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ወረቀቱ የሱቋ ቆርቆሮ በር ላይ ተለጥፎ የተገኘ የመብራት ቆረጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ልጇ ትናንት ማታ መክፈሉን የሚያሳይ መልእክት ነው።

«ይኸው፣ ተከፍሏል! ምን ሁኑ ነው የሚሉን?» አለችኝ።

እኔም ምንም ሳላጣራ «አይዞሽ እታለም፣ ይህ የነሱ ስህተት ነው፤ ነገ ጠዋት ደረሰኙን አሳይተን እንጨርሳለን» አልኳት። ስህተት ነበር፤ ግን የነሱ አልነበረም። አርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛ ገና ቁርስ ሳንቀምስ፣ መሰላል የጫነ መኪና መጥቶ የሱቁን መስመር ከምሰሶው ላይ ቆርጦ ሄደ። ፍሪዘሩ ውስጥ 60 ኪሎ የሚጠጋ ቆሮሶና አምባዛ አለ። ጾም ስለሆነ ገበያው የደራበት ሰሞን ነው።

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያየሁትንና ከዚያ በፊት በራሴ ቤት የደረሰብኝን አንድ ላይ አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው። የምናወራው በየወሩ ቢል ስለሚመጣበት ቆጣሪ ነው። ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ያላችሁ ሰዎች ችግራችሁ ሌላ ነው። እናንተ ዘንድ ማስጠንቀቂያ የሚባል የለም፤ ብሩ ሲያልቅ መብራቱም ያልቃል።

መጀመሪያ ወረቀቱንና ደረሰኙን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ሰው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ደሙ ይፈላና ደረሰኙን ይዞ ወደ ቢሮ ይሮጣል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን «ከፍለሃል ወይስ አልከፈልክም?» ብላ አይደለም የምታጣራው። የምታየው የከፈላችሁት ብር በየትኛው የውል ቁጥር ላይ፣ በስንት ሰዓት እንዳረፈ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ይህንኑ ራሳችሁ እዩት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሦስት ነገሮችን አመሳክሩ።

አንደኛው የውል ቁጥሩ ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ አለ፤ ወርሃዊው ቢል ላይም አለ። ከቆጣሪ ቁጥር ጋር እንዳታምታቱት። የቆጣሪ ቁጥር እቃው ላይ የተጻፈው ነው፤ ቆጣሪው ሲቀየር እሱም ይቀየራል። ክፍያ የሚገባው ግን በውል ቁጥር ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍሉ የምታስገቡት ይህንኑ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሃዝ በአሃዝ፣ በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ስታዩት አእምሯችሁ የሚጠብቀውን ነው የሚያነበው።

ሁለተኛው ወሩና የብሩ መጠን ነው። ማስጠንቀቂያው የትኛውን ወር ውዝፍ ነው የሚለው? እናንተ የከፈላችሁት የትኛውን? የጥርን ከፍላችሁ የታኅሣሥ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። የብሩ መጠን በራሱ ብዙ ይናገራል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልክ ላይ የሚመጣው መልእክት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት ነው የሚጽፈው። ማስጠንቀቂያው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ መልእክት 05/03/2025፣ 19:42 ይላል። ይህ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 መሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈው ቀን የካቲት 25 ነው፤ የተለጠፈው ግን 27 ነው። ይህን ሳይ ነው «ገባኝ!» ያልኩት። ዝርዝሩ 25 ተዘጋጀ፣ ልጁ 26 ከፈለ፣ ወረቀቱ 27 ተለጠፈ። ዝርዝሩ ሲታተም ክፍያው ገና ስላልነበረ ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ ብዬ ደመደምኩ።

እውነትም ይህ በጣም የተለመደው ምክንያት ነው። የቆረጣ ዝርዝር አንድ ቀን ይወጣል፤ ለቴክኒሻኖቹ የሚሰጠውም ለመለጠፍ የሚወጣውም ያው ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባ ክፍያ ሲስተሙ ላይ ይታያል እንጂ ወረቀቱ ላይ አይታይም። መሰላል ላይ ያለው ሰው የያዘው ወረቀቱን ነው። የካቲት 26 ላይ ያለው ክፍያ በትክክለኛው ውል ቁጥር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ግምቴ ልክ ይሆን ነበር። የውል ቁጥሩን ግን አሃዝ በአሃዝ አላየሁትም።

ቆረጣው ገና ካልደረሰ

ወረቀቱ ተለጥፎ መብራቱ ካለ፣ ጊዜ አላችሁ። ጊዜው ግን የሰዓታት እንጂ የቀናት አይደለም። በማግስቱ ቢሮ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ሁኑ። ቴክኒሻኖቹ የዕለቱን ዝርዝር ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ስማችሁ ከዚያ ወረቀት ላይ መነሳት አለበት። በኋላ ሲስተሙ ላይ ቢስተካከል ለመኪናው ማን ይነግረዋል?

መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ከፍያለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «በዚህ የውል ቁጥር ያለውን ሂሳብ ያዩልኛል? የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደገባና ቀሪ ዕዳ ካለ ማወቅ ፈልጌ ነው።» ይህ ጥያቄ ሠራተኛዋን ስክሪን ላይ እንድታይ ያደርጋታል፤ ክርክር አይከፍትም። ክፍያው ከታየ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከዛሬው የቆረጣ ዝርዝር መሰረዛችሁን ለቴክኒክ ክፍሉ እንድትነግርላችሁ። በስልክ ስትደውልላቸው ቁማችሁ ስሙ። ለመደወል ካልፈለገች ዝርዝሩ የት ክፍል እንዳለ ጠይቃችሁ ራሳችሁ ሂዱ።

ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት በ905 መደወልም ይቻላል። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል ነው። የውል ቁጥሩን ከነገራችኋቸው ዕዳ መኖር አለመኖሩን ያዩላችኋል። ለማጣራት ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ላይ የወጣን መኪና በስልክ ለማስቆም ግን አልተማመንበትም፤ እግር ይሻላል።

በር ላይ ደግሞ አንድ ሰው አስቀምጡ። ቴክኒሻኖቹ ከመጡ የታተመ ደረሰኝ አሳዩአቸው። ስልክ ሳይሆን ወረቀት። የቴሌብር መልእክት ከ127 ሲመጣ የደረሰኝ ሊንክ አብሮት አለ፤ ባንኮቹም እንዲሁ ይልካሉ። ሊንኩን ክፈቱና ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙት። ብዙዎቹ ቴክኒሻኖች የታተመ ደረሰኝ ሲያዩ ወደ ቢሮ ደውለው ያጣራሉ። የማጣራት ግዴታ አለባቸው እያልኩ አይደለም፤ ግን መሰላል ከመዘርጋት ስልክ መደወል ይቀላቸዋል።

ከተቆረጠ በኋላ

መጀመሪያ በእውነት መቆረጡን አረጋግጡ። ሠፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ከሆነ የሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤት መብራት ካለና እናንተ ጋ ከሌለ ቆጣሪውን እዩት። የዲጂታል ቆጣሪው ስክሪን ቁጥር እያሳየ ቤት ውስጥ ጨለማ ከሆነ፣ ምናልባት ብሬከር ወድቋል፣ ወይም ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ ነው። ስክሪኑም ከጨለመ መስመሩ ከምሰሶ ወይም ከቆጣሪው መግቢያ ላይ ተለይቷል ማለት ነው። ቀና ብላችሁ ምሰሶውን እዩ፤ የተንጠለጠለ የሽቦ ጫፍ አለ? ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፣ ምሰሶውንም። ፎቶው ላይ ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል፤ በኋላ ስለ ክፍያ ስትከራከሩ ይጠቅማል።

የተቆረጠውን ሽቦ ግን አትንኩ፤ በሠፈር ኤሌክትሪሺያንም አታስነኩ። ምሰሶው ላይ ያለው ጫፍ ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር ነው። ከዚያም አልፎ የቆጣሪውን ማሸጊያ ፈታችሁ ከተገኛችሁ፣ ትናንት ያልተከፈለ ቢል የነበረው ነገር ዛሬ የሕገወጥ ግንኙነት ጉዳይ ይሆናል። ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ ቅሬታችሁን በገዛ እጃችሁ ታጠፉታላችሁ።

ፍሪዘር ያላችሁ፣ ክዳኑን አትክፈቱት። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ገደማ። ተራ ፍሪጅ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይተማመኑበትም። ጎረቤቴ «ልየው፣ ልየው» እያለች ሁለት ጊዜ ልትከፍተው ስትል ነው በፕላስተር አሽገን ጋቢ የደረብንበት። ሶኬቱንም ነቀልነው፤ መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው የመጀመሪያ ንዝረት ሞተሩ እንዳይመታ።

ከዚያ ቢሮ ደረስን። 3 ሰዓት ከሩብ ነበር። አርብ መሆኑን አትርሱ። አርብ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ 5 ሰዓት ተኩል ወጥተው 7 ሰዓት ተኩል ይመለሳሉ። ማለትም ጠዋት ያለን ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው።

መስኮቱ ጋ የሆነው

ወረፋ ጠብቀን ደረስን። በራስ መተማመን ደረሰኙን ዘረጋሁ። ሠራተኛዋ በእርጋታ አየችው፤ የሆነ ቁጥር ጻፈች፤ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«እናቴ፣ ሁለት ቆጣሪ አለዎት?»

«አዎ፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የሱቅ።»

«ይህ የተከፈለው የቤቱ ነው። የሱቁ የሁለት ወር አለበት።»

ሁለቱም ውሎች በአንድ ቀን፣ በሟች ባለቤቷ ስም ነው የተፈረሙት። የቤቱ መጨረሻ 4417፣ የሱቁ 4418 ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን ቁጥር ነው ያስገባው። ስሙ ሲመጣ የአባቱ ስም ስለሆነ «ልክ ነው» ብሎ አጸደቀ። ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ሊነግረን ይችል ነበር። የከፈለው 412 ብር ነው። ቀን ከሌት የሚሠራ ፍሪዘር ያለው ሱቅ በወር 412 ብር ሊመጣበት አይችልም። የሱቁ ውዝፍ የታኅሣሥና የጥር ተደምሮ 5,612 ብር ነበር። ለዚህ ነው ስለ ብሩ መጠን እመለሳለሁ ያልኩት። ስሙ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ቁጥሩም በአንድ አሃዝ ብቻ ሲለይ፣ ስህተቱን የሚያሳብቀው መጠኑ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ «ያንን ወደዚህ አዙሩልኝ» ማለት ይቻላል፤ ግን የዚያን ቀን መብራት አያስመልስላችሁም። በተለይ ብሩ ያረፈበት ውል የራሱ ዕዳ ከነበረበት ምንም የሚዞር ነገር የለም፤ የእሱን ዕዳ ከፍሏል። እሷ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው። አንድ አሃዝ ተሳስቶ የማታውቁት ሰው ውል ላይ የገባ ብር ከሆነ ግን ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ደረሰኝ አያይዛችሁ እንዲዛወር ትጠይቃላችሁ። ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው መብራት ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ውል ዕዳ መክፈል አለባችሁ፤ መራራ ቢሆንም አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

ስለ ማስቀጠያ ክፍያ

ከተቆረጠ በኋላ የሚጠየቅ ገንዘብ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ ሰው ግን በአንድ ድምር ሰምቶ ይደነግጣል። ውዝፉ አለ፣ በመዘግየት የሚመጣ ቅጣት አለ፣ ከዚያ መስመሩን መልሶ ለማገናኘት የሚከፈለው የማስቀጠያ ክፍያ አለ። «ስንት ነው?» ከማለት «እያንዳንዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀት ላይ ለየብቻ ጻፉት።

ይህን መለየቱ የሚጠቅመው፣ ከሦስቱ አከራካሪ ሊሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው። ውዝፉ የበላችሁት መብራት ነው፤ ያው ይከፈላል። የማስቀጠያው ክፍያ ላይ ግን ክርክሩ የሚቆመው በሁለት ሰዓቶች ላይ ነው፦ ክፍያው በእናንተ ውል ላይ የገባበት ሰዓትና መስመሩ የተቆረጠበት ሰዓት። ክፍያው ቀድሞ ከሆነ፣ የተቆረጠ መስመር ዕዳ አልነበረበትም። ስለዚህ የማስቀጠያ ክፍያው እንዲነሳላችሁ በጽሑፍ የምትጠይቁበት መሠረት አላችሁ። ቆረጣው ቀድሞ እናንተ በኋላ ከከፈላችሁ ግን፣ በግማሽ ሰዓት ቢሆንም፣ አትልፉ። ክፈሉና ሂዱ።

የጎረቤቴ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ ከፈለች። እኔ ራሴ ከዓመት በፊት የገጠመኝ ግን የመጀመሪያው ነው። በባንክ ከፍዬ፣ ብሩ ከሂሳቤ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ቀን ተቆረጠብኝ። ቢሮው ስክሪን ላይ ክፍያው የለም። ባንኩ «ልከናል» ይላል፤ ቢሮው «አልደረሰንም» ይላል። እንደ ኳስ ስመላለስ ዋልኩ። የፈታው ነገር ቀላል ነበር፤ ባንኩ የግብይት ቁጥሩን፣ የውል ቁጥሬን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ ማረጋገጫ በማኅተም አትሞ ሰጠኝ። የቢሮው ሰዎች የስልክ መልእክት ማንም ሊሠራው ይችላል ይላሉ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን ወደ ፋይናንስ ክፍሉ ላኩት። ባንካችሁ ንግድ ባንክ ከሆነ የግብይት ቁጥሩ FT ብሎ ይጀምራል። የቴሌብሩ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለ ነው፤ በእጅ አትገልብጡት፤ ዜሮና የኦ ፊደል ይምታታሉ። ስክሪንሹት አንሱ።

የዚያን ቀን ምርጫዬ ሁለት ነበር፤ ክርክሩ እስኪያልቅ በጨለማ መቀመጥ፣ ወይም የማስቀጠያውን ከፍዬ መብራቴን አስመልሼ ክርክሩን በኋላ መቀጠል። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ አልተቆጨሁም። ግን ከመክፈሌ በፊት ማመልከቻ አስገባሁ፣ በሁለት ቅጂ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። እንዲህ የሚል ነበር፦

ለ፦ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ከክፍያ በኋላ የተፈጸመ ቆረጣን ይመለከታል
የውል ቁጥር …፣ የቆጣሪ ቁጥር …። የ… ወር ቢል በቀን …፣ በሰዓት …፣ በግብይት ቁጥር … ከፍያለሁ። መስመሩ የተቆረጠው በቀን …፣ በሰዓት … ነው። አገልግሎቱ እንዲቀጥልልኝ የማስቀጠያ ክፍያውን ቅሬታዬን እንደያዝኩ እከፍላለሁ። ሂሳቡ ተጣርቶ ክፍያው በሚቀጥለው ቢል ላይ እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። የክፍያ ማረጋገጫና ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።

አጭር ነው፤ ስድብ የለበትም፣ ታሪክም የለበትም። ቀንና ሰዓት ብቻ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው ቢል ላይ ተቀነሰልኝ። ሁሉም ቅርንጫፍ እንዲሁ ያደርጋል ብዬ ቃል አልገባም። መልስ ካላገኛችሁ በዚያው ማኅተም ባለው ቅጂ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ ወደ ሪጅኑ ቢሮ ትወጣላችሁ። እስከመጨረሻው ምላሽ የነፈጋችሁ ከሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ለማስቀጠያ ክፍያ ብቻ እስከዚያ መሄድ ይበዛል ባይ ነኝ፤ ግን ኪሎ ኪሎ እቃ ለተበላሸበት ነጋዴ አይበዛም።

የትም ብትሆኑ ግን ለቴክኒሻን መሰላል ሥር ብር አትስጡ። «ለሻይ» ይሁን «ለነዳጅ» ስሙ ምንም ይሁን። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሲስተም ላይ የለም። መብራቱ በርቶ እንኳ የቆረጣው ትዕዛዝ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይመጡባችኋል፤ ያኔ ደግሞ «ማን ቀጠለላችሁ?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

መብራቱን በዚያው ቀን ለማስመለስ

ብዙ ሰው ከፍሎ ቤቱ ሄዶ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ነው ቀኑ የሚባክነው። ክፍያ መክፈል ብቻውን መኪና አያስወጣም። ክፍያው ሲገባ የማስቀጠያ ትዕዛዝ መውጣት አለበት፤ ትዕዛዙ ወደ ቴክኒክ ክፍሉ መድረስ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ለዕለቱ ቡድን መመደብ አለበት። ወረቀቱ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ተኝቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው።

እኛ እንዲህ አደረግን። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 5,612 ብሩን በሱቁ ውል ቁጥር ከፈልን። በዚህ ጊዜ ልጁ በስልክ ቁጥሩን እያነበበ፣ እኔ ከማስጠንቀቂያው ወረቀት ላይ እየተከተልኩ ነው። ማስቀጠያውንም ከፈልን። ወዲያው ወደዚያችው መስኮት ተመልሰን «ገብቷል?» ብለን ስክሪኑ ላይ እስክታየው ጠበቅን። 5 ሰዓት ከ10 ላይ ትዕዛዙ ታተመ። ምሳ ሊወጡ 20 ደቂቃ ሲቀራቸው ወረቀቱ ቴክኒክ ክፍል መድረሱን አይተን ወጣን። የቡድን መሪውን «ከሰዓት የትኛው ሠፈር ነው የምትወጡት?» ብዬ ጠየቅሁት። ሽምብጥ በኩል እንደሆኑ ነገረኝ። የሱቁን ቦታ በምልክት ነገርኩት፤ ስልኬን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ቤት ቁጥር ብቻ ይዞ ጣና ዳር የአሳ ሱቅ የሚያገኝ ሰው የለም።

ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ሰው ሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። ቴክኒሻኖቹ መጥተው በሩ ተዘግቶ ካገኙ ወደሚቀጥለው ነው የሚሄዱት፤ ተራችሁም ለሰኞ ነው። መኪናው 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሲገናኝ መጀመሪያ አምፖል ብቻ አብሩ። ብርሃኑ ከወትሮው በጣም ከደመቀ ወይም ከፈዘዘ፣ ቴክኒሻኑ ከመሰላሉ ሳይወርድ ንገሩት፤ ማሰሪያው ላልቶ ወይም መስመሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ደህና ከሆነ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ፍሪዘሩን ሰኩ። የእኛ ፍሪዘር ስምንት ሰዓት ያህል ነበር የጠፋው። ከላይ ያለው አሳ እንኳ እንደ ድንጋይ ነበር።

ውሃ ከሆነ

የውሃ ማስጠንቀቂያም በተመሳሳይ መንገድ ይመጣል፤ ሐሳቡ ያው ነው፤ የውል ቁጥር፣ ወር፣ ሰዓት። ግን ቢሮውም ሲስተሙም ሌላ ነው፤ የምትሄዱት ወደ ከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ነው። የመብራት ደረሰኝ ይዘው ውሃ ቢሮ የሚሰለፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ አትሳቁ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም የከፈለ ሰው መልእክቶቹን ማምታታት ቀላል ነው። ውሃ ሲቆረጥ ቫልቩ ይዘጋል ወይም ቆጣሪው ይነሳል። ቆጣሪው ከተነሳ ከመውሰዳቸው በፊት ንባቡን ፎቶ አንሱት፤ ሲመልሱት ያው ቁጥር ላይ መሆኑን ታያላችሁ።

ሁለት ቆጣሪ ላላችሁ

ያን ቅዳሜ ከልጇ ጋር በስልክ ሆነን አንድ ሥራ ሠራን። ስልኩ ላይ ሁለቱን የውል ቁጥሮች «ቤት» እና «ሱቅ» ብሎ ለየብቻ አስቀመጠ። እኛም በነጭ ቀለም የቆጣሪ ሳጥኖቹ ላይ «4417 ቤት» «4418 ሱቅ» ብለን ጻፍን። አሁን ክፍያ ሲደርስ ልጁ ከማጽደቁ በፊት ይደውልላታል። የሚመጣውን ብር ያነብላታል። እሷም ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

«የአሳው ነው የሰው?»